ማቅረቢያችን ከፈቃዱ ፎቶ ሳይሆን ከችግሩ ይጀምር

በገዳሪፍ የእህል ገበያ ሰሊጥ በጨረታ ሲሸጥ ገዢው መጀመሪያ እጁን ጆንያው ውስጥ ይከታል። ዘግኖ ያወጣል፣ እፍ ይላል፣ መዳፉ ላይ የቀረውን አፈር ያያል። የሻጩን የሕይወት ታሪክ የሚጠይቅ የለም። እኛ ግን ባለሀብት ፊት ስንቀርብ የምናደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ጆንያውን ደብቀን ታሪካችንን እናወራለን።

ይህን የምንለው ራሳችን አድርገነው ስላየን ነው። መተማ ላይ ለምናስበው የሰሊጥ ማበጠሪያ ገንዘብ ፍለጋ ያዘጋጀነው ማቅረቢያ፣ ፒች ዴክ የሚሉት፣ 22 ገጽ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ገጾች ከገዳሪፍ እንዴት እንደወጣን፣ የንግድ ፈቃዳችንን ፎቶና የአባላቱን ስም የያዙ ነበሩ። ሰውዬው በትዕግሥት አዳመጡንና ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «የተቸገረው ማነው? እስካሁንስ ስንት ሰው ከፈላችሁ?» መልሱ ገጽ 14 ላይ ነበር፤ እዚያ ሳንደርስ ሰዓቱ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ማቅረቢያውን በአምስት ነገር ብቻ መልሰን ሠራነው፦ ችግር፣ መፍትሔ፣ ገበያ፣ እስካሁን የተሠራ ሥራ፣ የምንጠይቀው ገንዘብ። እንዴት እንደሠራነው እንንገራችሁ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግተናቸዋል።

ችግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍነው፦ አንድ ነጋዴ 100 ኩንታል ሰሊጥ ሲጭን ስድስቱ ኩንታል አፈር፣ ገለባና ድንጋይ ነው፤ ለዚያም የመኪና ኪራይ ይከፍላል፣ ገዢውም በዚያ ሰበብ ዋጋ ይሰብርበታል። «ዘርፉ የጥራት ጉድለት አለበት» ከሚለው የቀድሞ ጽሑፋችን ጋር አስተያዩት። እዚህኛው ውስጥ የሚከስር ሰው አለ።

መፍትሔው ላይ አንድ ስህተት ሊያዋርደን ነበር። ያልተበጠረው ኩንታል 10,000 ብር፣ የተበጠረው 11,200 ብር ይሸጣል ብለን ለ100 ኩንታል የ120,000 ብር ትርፍ ጻፍን። ግን ከተበጠረ በኋላ 100 ኩንታል የለም፤ ያለው 94 ነው። 94 በ11,200 ሲባዛ 1,052,800 ብር ነው። ሳይበጠር ከሚገኘው አንድ ሚሊዮን ብር የሚበልጠው በ52,800 ብቻ ነው። የማበጠሪያው ዋጋ በኩንታል 200 ብር፣ በጠቅላላው 20,000 ብር ሲቀነስ ለባለቤቱ 32,800 ብር ይቀረዋል። ትርፉ አነሰ፣ ግን እውነት ሆነ። ሰሊጥ የሚያውቅ ባለሀብት የመጀመሪያውን ቁጥር ቢያይ ቀሪውን ገጽ ባላነበበ ነበር።

ገበያ የሚለው ገጽ ላይ ብዙዎቻችን የሁለቱን አገሮች የሰሊጥ ወጪ ንግድ ደምረን እንለጥፋለን። ያ የእኛ ገበያ አይደለም። የእኛ ገበያ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ሆኖ ጆንያውን እኛ በር ላይ ሊያራግፍ የሚችል ሰው ነው። ቆጠርናቸው፤ ስልሳ ነጋዴዎች፣ አማካዩ በወቅት 400 ኩንታል፣ በድምሩ 24,000 ኩንታል ሆነ። ማሽኑ በሰዓት 10 ኩንታል ያበጥራል። በቀን ስምንት ሰዓት ለ75 ቀን ቢሠራ 6,000 ኩንታል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ገቢያችን 1.2 ሚሊዮን ብር ነው፤ ከዚያ በላይ መጻፍ ማሽኑ የማይችለውን መማል ነው።

እዚህ ላይ ድንበር ለምንሻገር ሰዎች የተለየ ወጥመድ አለ። ገዳሪፍ የሚቆጥረው በቀንጣር ነው፣ መተማ በኩንታል። አንድ ቀንጣር 100 ረጥል፣ ወደ 45 ኪሎ ነው፤ ኩንታል 100 ኪሎ። የድሮ ደብተራችን ላይ የነበረውን 10,000 ቀንጣር እንዳለ ብንገለብጠው ገበያችንን ከእጥፍ በላይ ባሳበጥነው ነበር። እውነተኛው 4,500 ኩንታል ገደማ ነው።

የተሠራ ሥራ የሚለው ገጽ ከሁሉም ይልቅ ይከብዳል፣ እኛ ነጋዴዎች ደግሞ ከሁሉም በላይ ቸል የምንለው እሱን ነው። ማስረጃው የደንበኛ ደብተራችን ውስጥ ተኝቷል። በወንፊትና በተከራየ ትንሽ ማሽን በመጀመሪያው ወቅት 14 ደንበኞች 1,100 ኩንታል አበጠሩ። በሁለተኛው 21 ደንበኞች 1,900 ኩንታል። ከ14ቱ ዘጠኙ ተመልሰው መጥተዋል። ለባለሀብት ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ዘጠኝ ነው፤ ከፍሎ አይቶ እንደገና የከፈለ ሰው ነውና። «እናመጣለን» ያሉንን ሰዎች በዚህ ቁጥር ውስጥ አላስገባንም። ተመልሰው ያልመጡትን አምስቱንም ጠይቀን ምክንያታቸውን ጻፍን፤ ሦስቱ ወረፋው ረዘመብን ብለዋል፣ ይህም ለአዲሱ ማሽን ጥሩ ምስክር ሆነ።

ሌላው የተለመደ ጥፋት የሚዞረውን ዕቃ እንደ ገቢ መጻፍ ነው። 1,900 ኩንታል በ10,000 ብር 19 ሚሊዮን ብር ይሆናል፤ የቀድሞው ማቅረቢያችንም «ሽያጭ» ብሎት ነበር። ሰሊጡ ግን የደንበኛው ነው። የእኛ በኩንታል 200 ብር፣ ማለትም 380,000 ብር ነው። በሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ሲጀመር ሥራው የተቋረጠበት ሰው ካለም መስመሩ የወደቀበትን ወር አይደብቅ። ባለሀብቱ ጦርነቱን ያውቃል፤ ማወቅ የሚፈልገው ከወደቃችሁ በኋላ በስንት ወር እንደተነሣችሁ ነው።

በመጨረሻ ገንዘቡ። መጀመሪያ አምስት ሚሊዮን ብር ለአሥር በመቶ ድርሻ ጠይቀን ነበር። ይህ ድርጅታችን 50 ሚሊዮን ያወጣል ማለት ነው፤ ወጪ ሲቀነስ በዓመት 500,000 ብር የሚያስቀር ማበጠሪያ ደግሞ ያንን ለመመለስ መቶ ዓመት ይፈጅበታል። ሰውዬው አልሳቁም፣ እኛ ግን ቤት ገብተን ስናሰላው አፈርን። ከአምስቱ ሦስቱ ሚሊዮን ሰሊጥ ለመግዣ ነበር። እሱን አወጣነው፤ የአንድ ወቅት የመግዣ ገንዘብ ሱዳን ውስጥ ሙዳረባ በሚባለው መንገድ፣ ትርፍ ተካፍሎ የሚፈርስ ሽርክና ይሻለዋል። የቀረው ሁለት ሚሊዮን ነው፦ 1.2 ለማሽን፣ 300,000 ለተከላና ለመብራት፣ 300,000 ለመጋዘኑ ወለል፣ 200,000 ለመጀመሪያው ወቅት ደመወዝና ነዳጅ። ከሥሩ ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚያደርሰን ጻፍን፦ 6,000 ኩንታል በአንድ ወቅት። ኤርቢኤንቢ ገና ሲጀምር ያቀረበው ዝነኛ ማቅረቢያም የ12 ወር ገንዘብ ጠይቆ የሚደርስበትን የሽያጭ ብዛት አብሮ አስቀምጦ ነበር።

ማሽኑ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ከሆነ ዋጋውን በዚያው ምንዛሪ ከቀኑ ጋር ጻፉ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ቀን የሌለው ዋጋ ዋጋ አይደለም።

«የእኛ ባለሀብት የአክስታችን ልጅ ነው፣ ያውቀናል፣ ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። እቁብ በመተማመን እንደሚቆም እኛም እናውቃለን። ግን የእቁብ ዕጣ ሲወጣ ማን ስንት እንደከፈለ ሁሉም ያውቃል፤ ጸሐፊው ደብተር ይይዛል። ለዘመድ ገንዘብ ይህን ያህል ከተጠነቀቅን፣ ከጂዳ ወይም ከዋሽንግተን ተርፎ የሚላክ የዘመድ ደመወዝ ያነሰ አይገባውም። የሚሸሽ ዘመድ በኪሳራው አይሸሽም፣ ስለኪሳራው ቀድሞ ባለመስማቱ ነው።

አዲሱ ማቅረቢያ ስምንት ገጽ ነው። የፈቃዱ ፎቶ አሁንም አለ፤ መጨረሻ ላይ፣ ለሚጠይቅ ሰው።