የጉዳት ማስታወቂያ ደረሰኝ አይጠብቅ

በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስ ለመድን ኩባንያው የሚጻፈው ደብዳቤ የሕክምና ደረሰኝ ተሰብስቦ እስኪያልቅ መዘግየት የለበትም። የሠራተኞች ካሳ ውል ፈጣን ማስታወቂያ ይጠይቃል፤ መዘግየቱ ራሱ የክርክር ምክንያት ይሆናል። አንድ አናጺ በመጋዝ ማሽን ጣቱ ተቆረጠ እንበል። «እጁ ላይ ጉዳት ደርሶበታል» ብሎ መጻፍ ምልልስ ብቻ ያተርፋል። «ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ጣውላ ሲሰነጥቅ የቀኝ እጁ አመልካች ጣት ተቆረጠ፤ አብሮት የሚሠራው አይቷል፤ ወዲያው ሆስፒታል ገብቷል» ሲባል ግን ጉዳቱ ከሥራው ጋር ያለው ግንኙነት ይታያል። የውሉ ቁጥርና የሠራተኛው ደመወዝ ይጨመር፤ እስካሁን የተከፈለው ተገልጾ ቀሪው ደረሰኝ እንደሚከተል ይጻፍ።

አንዳንድ አሠሪዎች ዝርዝሩ ጥፋተኛ ያደርገናል ብለው ይሰጋሉ። ስጋቱ ይገባናል፤ ነገር ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት በመርህ ደረጃ ኃላፊ ያደርገዋል። ዝምታው ከኃላፊነት አያድንም፤ የመድን ሽፋኑን ግን ሊያሳጣ ይችላል። መድን ሰጪዎችም ማጭበርበርን መፍራታቸው ተገቢ ነው፤ ለዚያ መልሱ ዋናው ደረሰኝ፣ የሐኪም ማስረጃና የደመወዝ መዝገብ ነው። ውሉ ለሕክምና ጣሪያ ካስቀመጠና ወጪው ካለፈው፣ ልዩነቱን የሚሸፍነው አሠሪው እንጂ የተጎዳው አናጺ አይደለም።