ተራኪ በድምፁ ብቻ አንድ አይሆንም

በተከታታይ ክፍሎች የሚቀርቡ አስረጂ ዝግጅቶች የተራኪያቸውን ማንነት የሚያስጠብቁት አብዛኛውን ጊዜ በአንባቢው ድምፅ፣ በመክፈቻው ሰላምታና በዜማው ነው። ለጸሐፊዎች የሚሰጠው መመሪያም «ተራኪው ቀለል ያለና ወዳጃዊ ይሁን» ከሚል ምክር ብዙም አያልፍም። ይህ አሠራር ስሕተት ነው። አድማጭ ተራኪን የሚያውቀው በሚመርጣቸው ቃላትና በዐረፍተ ነገሮቹ ርዝመት ነው። እነዚህ ከክፍል ክፍል ሲለዋወጡ ድምፁ ያው ቢሆንም የሚናገረው ሌላ ሰው ይሆናል።

ስለ ገንዘብ የሚያስረዳ ተከታታይ ዝግጅት ለምሳሌ ይወሰድ። የመጀመሪያው ክፍል ስለ ዋጋ ንረት እንዲህ ይላል እንበል፦ «ገበያ ላይ ያለው ዕቃ ባለበት ቆሞ ገንዘቡ ብቻ ከበዛ ዋጋ ይወጣል። አምና በመቶ ብር የገዛነው ጤፍ ዘንድሮ መቶ ሃያ ይጠየቅበታል። ጤፉ ግን ያው ነው።» የቃላቱ ቁጥር 11፣ 9 እና 4 ነው። ተራኪው ምክንያቱን ዘርዝሮ፣ ምሳሌውን አስከትሎ፣ በአጭር ቃል ይዘጋል። «የገዛነው» ሲል በ«እኛ» ራሱን ከሸማቹ ጋር ይቆጥራል።

አራተኛውን ክፍል ሌላ ጸሐፊ ሲያዘጋጀው ደግሞ እንዲህ ይመጣል፦ «የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ ፍላጎትና አቅርቦት ላይ ተመሥርቶ እንዲወሰን መደረጉን ተከትሎ በአስመጪዎች ዘንድ የተፈጠረው የወጪ ጭማሪ በአጠቃላይ የዋጋ ደረጃ ላይ ተጽዕኖ ማሳደሩ የሚጠበቅ ነው።» ሐሳቡ ትክክል ነው፤ የሚናገረው ግን የመሥሪያ ቤት መግለጫ ነው። «እኛ» ጠፍቷል፣ ጤፉም የለም፣ 24 ቃላት በአንድ ትንፋሽ ይነበባሉ። ወዳጃዊ ድምፅ ያለው አንባቢ ቢያነበውም አይድንም።

ይህን ችግር ያዩ አዘጋጆች ብዙውን ጊዜ የሚደርሱበት መፍትሔ የቃላት ጣሪያ ነው፤ ለምሳሌ ማንኛውም ዐረፍተ ነገር ከ10 ቃላት አይለፍ ይላሉ። ይህም ሁለት ጉድለት አለው። አንደኛ፣ ሁሉም ዐረፍተ ነገር እኩል ሲያጥር አጭሩ መዝጊያ ኃይሉን ያጣል፤ የተራኪው መለያ የነበረው መርዘምና ማጠር ይጠፋል። ሁለተኛ፣ በአማርኛ የቃል ቁጥር ክብደትን በትክክል አይለካም። «አልነገርናቸውም» አንድ ቃል ሆኖ ሳለ ባለቤትን፣ ተሳቢንና አሉታን ተሸክሟል። አድማጩን የሚያደክመው ማሰሪያ አንቀጹ እስኪመጣ ድረስ በልቡ ይዞ የሚቆየው ጥገኛ ግስ ብዛት ነው። አድማጭ እንደ አንባቢ ዐይኑን ወደ ኋላ መመለስ አይችልም።

ስለዚህ መቆጠር ያለበት ከማሰሪያው በፊት ያለው ግስ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ከ«ይወጣል» በፊት «ያለው»፣ «ባለበት»፣ «ቆሞ» እና «ከበዛ» አሉ፤ አራት ናቸው። በአራተኛው ክፍል ከመዝጊያው በፊት «ተመሥርቶ»፣ «እንዲወሰን»፣ «መደረጉን»፣ «ተከትሎ»፣ «የተፈጠረው» እና «ማሳደሩ» ተደርድረዋል፤ ስድስት መሆናቸው ነው። የተራኪው ልክ አራት ነው ከተባለ ጥፋቱ ቀረጻ ሳይጀመር ወረቀቱ ላይ ይታያል። እርማቱም እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ከሐምሌ 2016 ወዲህ የዶላርን ዋጋ የሚወስነው ገበያው ነው። ዶላር ሲወደድ ዘይት የሚያስመጣው ነጋዴ ለአንዱ ጀሪካን የሚከፍለው ብር ይጨምራል። ጭማሪው እኛ ላይ ያርፋል።» ከአራት ጥገኛ ግስ የሚያልፍ የለም፤ መዝጊያውም እንደ መጀመሪያው ክፍል አራት ቃል ነው።

የቃላት ምርጫም እንዲሁ በጽሑፍ መወሰን አለበት። ተራኪው «የዋጋ ንረት» ካለ በሌላ ክፍል «ኢንፍሌሽን» ማለት የለበትም፤ ሰሚው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሊመስሉት ይችላሉ። አድማጩን «እናንተ» ብሎ የጀመረ «አንተ» ወደ ማለት አይሻገርም። «ተከትሎ»፣ «ከዚህ ጋር በተያያዘ» እና «የሚጠበቅ ነው» ደግሞ ከአፉ የማይወጡ ተብለው ይመዝገቡ። የማይላቸው ቃላት ዝርዝር ከሚላቸው ይልቅ ይጠቅማል፤ ጸሐፊ ሲቸኩል እጁ የሚሄደው ወደ እነዚህ ነውና።

ሥራው መሳካቱ የሚታወቀው በቀላል ፈተና ነው። በሦስት ጸሐፊዎች ከተጻፉ ሦስት ክፍሎች ሁለት ሁለት አንቀጽ ይወሰድ፤ ሰላምታውና ርእሱ ይውጣ፤ ተደባልቆ ጸሐፊዎቹን ለማያውቅ ሰው ይሰጥ። ያ ሰው አንቀጾቹን በየጸሐፊያቸው ከለየ፣ ዝግጅቱ ያሉት ሦስት ተራኪዎች ናቸው።

ይህ ደንብ ጸሐፊዎችን ያስራል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። የሚያስረው ግን የአነጋገርን ልክ ብቻ ነው፤ ምሳሌውንና የክርክሩን መንገድ ጸሐፊው ይመርጣል። የሕግ አንቀጽ ወይም የባለሙያ ቃል ሲጠቀስም ደንቡ አይሠራም፤ ጥቅሱ እንዳለ ይነበባል፣ ተራኪው ቀጥሎ በራሱ ልክ ያፍታታዋል። ቆጠራው የማይደርስበትን የለዛ መዛባት ደግሞ የሚይዘው ሁሉንም ክፍሎች ከቀረጻ በፊት ጮክ ብሎ የሚያነብ አንድ አርታኢ ነው። ድምፁ ተቀርጾ ከተቀናበረ በኋላ አንድ ዐረፍተ ነገር መለወጥ ዳግም መቅረጽንና ዳግም ማቀናበርን ይጠይቃልና።