ቡና ሳይሆን ወረቀት ስጡት!

ወገኖቼ፣ ኤርፖርት ወረፋ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው፤ የሚቀየመኝ ካለ ይቀየመኝ። አፕሬይዘር ቤታችንን ሊገምት ሲመጣ ዕጣን አጭሰን፣ ቡና አቅርበን፣ ስለ ቤቱ ግን አንዲት መስመር ሳንጽፍ የምንሸኘው እስከ መቼ ነው?

"ዓይን አለው፣ ራሱ ያያል" ትሉኛላችሁ። ሁሉንም አያይም! ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ነው፤ ለክቶ፣ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። ዋጋውን የሚያወጣው ቢሮው ሆኖ፣ በቅርቡ በአካባቢያችሁ ከተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶች ጋር እያነጻጸረ ነው። የተሸጠው ቤት ከእናንተው የተሻለ ነገር ካለው፣ ከመሸጫ ዋጋው ላይ ይቀንሳል፤ ካነሰ ይጨምራል። እንግዲህ እሱ ሳይመዘግበው የቀረ ነገር እንደሌላችሁ ነው የሚቆጠረው።

ሜሪላንድ ያለ አንድ ጓደኛዬ ሪፋይናንስ ሊያደርግ ነበር። ቤዝመንቱ ውስጥ በፐርሚት ያሠራው ሙሉ መታጠቢያ ቤት አለው። ዕቃ ታጭቆበት ስለነበር አፍሮ፣ በሩን ሳይከፍት "ስቶር ነው" ብሎ አሳለፈው። (ይሉኝታ እንዲህ ያስከፍላል!) ግምቱ 485,000 ዶላር መጣ። የቀረበት ዕዳ 392,000 ነው፤ የግምቱ 80 በመቶ ደግሞ 388,000። በ4,000 ዶላር ምክንያት በየወሩ የሞርጌጅ ኢንሹራንስ ሊጫንበት ሆነ።

ሪፖርቱን አብረን አነበብነው። ኮፒውን አበዳሪው ከክሎዚንግ ቢያንስ 3 የሥራ ቀን በፊት መስጠት አለበት፤ ይህ ሕግ ነው። የተነጻጸሩት ሦስቱም ቤቶች ቤዝመንት መታጠቢያ አላቸው፤ አፕሬይዘሩ "እዚህ የለም" ብሎ ከእያንዳንዳቸው 9,000 ቀንሷል። ስህተቱን ከፐርሚቱና ከፎቶ ጋር ጽፈን፣ ለአፕሬይዘሩ ሳይሆን በአበዳሪው በኩል እንደገና እንዲታይ ጠየቅን። 494,000 ሆነ። 80 በመቶው 395,200 ስለሆነ ኢንሹራንሱ ቀረለት።

ታዲያ ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው አንድ ገጽ ጽሑፍ ያስቀረው ነበር። ምን እንደታደሰ፣ በስንት ዓመተ ምህረት፣ ከነፐርሚት ቁጥሩ ጻፉ። ከመሬት በላይ ያለውን ስኩዌር ፊትና ቤዝመንቱን ለየብቻ አድርጉት፤ ቤዝመንት ቢያምርም ከላይኛው ጋር አይደመርም፣ ደምራችሁ ከሰጣችሁት ሌላውንም ጽሑፋችሁን ይጠራጠረዋል። ሰፈር ውስጥ ለገበያ ሳይወጣ በመተዋወቅ የተሸጠ ቤት ካወቃችሁ አድራሻውንና የተሸጠበትን ቀን ጨምሩ፤ ይህንን እሱ በቀላሉ አያገኘውም።

"ኪችኑ 40,000 ፈጅቶብኛል፣ ይጨመርልኝ" የምትሉ ደግሞ አላችሁ። ያወጣችሁት ገንዘብ ሌላ፣ ገዢ የሚከፍለው ሌላ ነው። የምትፈልጉትንም ዋጋ አትጻፉለት፤ ለማንም እንዳያደላ ግዴታ ያለበትን ሰው እንደመጫን ነው የሚቆጠረው።

በሉ ወረፋዬ ደረሰ።