ለቁጣው ወይስ ለጥያቄው? በአሉታዊ አስተያየቶች ጎርፍ ውስጥ የምላሽ ውሳኔ

እ.ኤ.አ. በማርች 2010 የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቱ ግሪንፒስ አንድ አጭር ቪዲዮ አሰራጨ። በቪዲዮው አንድ የቢሮ ሠራተኛ ኪትካት ቸኮሌት ከፍቶ ሲገምጥ፣ የገመጠው የኦራንጉታን ጣት ሆኖ ይታያል። መልእክቱ ቸኮሌቱን የሚያመርተው ኔስሌ የኢንዶኔዥያን ደን ከሚመነጥር ኩባንያ የፓልም ዘይት ይገዛል የሚል ነበር። ኔስሌ የቅጂ መብትን ጠቅሶ ቪዲዮውን ከዩቲዩብ አስነሣ፤ ይህም ቪዲዮውን ለማየት የሚሻውን ሰው አበዛው እንጂ አልቀነሰውም። የኩባንያው የፌስቡክ ገጽም በተቃውሞ ተጥለቀለቀ። ከተቃዋሚዎቹ አንዳንዶቹ የኪትካትን ዓርማ «ገዳይ» ወደሚል ቃል ለውጠው የመለያ ፎቶ አድርገውት ነበር። የገጹ አስተዳዳሪ በተለወጠ ዓርማ የሚጻፍ አስተያየት ሁሉ እንደሚሰረዝ አስታወቀ፤ ለተቆጡትም በሽሙጥ ይመልስ ጀመር።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚወሳው የጨዋነት ጉድለት ምሳሌ ሆኖ ነው። ሽሙጡ ጥፋት መሆኑ አያከራክርም፤ አስተዳዳሪውም በዚያው ገጽ ይቅርታ ጠይቆበታል። ዋናው ስሕተት ግን የምርጫ ስሕተት ነበር። ኔስሌ ሲናር ማስ ከተባለው አምራች በቀጥታ መግዛት ማቆሙን ቢገልጽም፣ ያው ዘይት በሌሎች አቅራቢዎች በኩል ስለ መግባቱ የሚነሣው ጥያቄ አልተዘጋም ነበር። በገጹ ላይ ግን ክርክሩ ከዘይቱ ወደ ዓርማው ዞረ። ኩባንያው ዝም ሊልበት በሚገባው ነገር ተናገረ፤ ሊናገርበት የሚገባውን አድበሰበሰው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የምላሽ ውሳኔ በአስተያየቱ ቃና ሳይሆን በውስጡ ባለው ጥያቄ ላይ መመሥረት እንዳለበት ነው። የመጀመሪያው መለያ አስተያየቱ እውነት ወይም ሐሰት ሊባል የሚችል ነገር መያዙ ነው። «ዘይቱ ከየት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ በስድብ ተጠቅልሎ ቢቀርብም መልስ ይገባዋል፤ ብዙ ሰው ሊያውቀው የሚሻ ነገር ስለሆነም መልሱ በአደባባይ መሆን አለበት። መልሱ የታወቀውን፣ ገና በመጣራት ላይ ያለውንና ቀጣዩ መግለጫ የሚወጣበትን ጊዜ ቢይዝ ይበቃዋል። አንድ ጊዜ በግልጽ ከተጻፈ በኋላ በየአስተያየቱ ሥር መድገም አያስፈልግም፤ ምላሽ የበዛበትን አስተያየት ፌስቡክ ወደ ላይ የማውጣት ዝንባሌ ስላለው፣ ድግግሞሹ ያንኑ ቁጣ ለአዲስ አንባቢ ያደርሳል።

ሁለተኛው መለያ መልሱ የአንድን ሰው የግል መረጃ የሚጠይቅ መሆኑ ነው። ለምሳሌ አንድ የባንክ ደንበኛ «ገንዘቤ ከሂሳቤ ተቀንሶ ለተቀባዩ አልደረሰም» ብሎ ቢጽፍና በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ቢቀባበሉት፣ የሂሳብ ቁጥሩ በአደባባይ ሊጠየቅ አይገባም። ይሁን እንጂ «በውስጥ መስመር ያነጋግሩን» ብሎ ማለፍ ለአንባቢው ጉዳዩን እንደ መሸሸግ ይሆንበታል። ለደንበኛውም አደጋ አለው፤ በባንክ ስም የተከፈቱ ሐሰተኛ ገጾች ቅሬታ አቅራቢዎችን እየተከታተሉ የምሥጢር ቁጥር ይጠይቃሉና። ስለዚህ ባንኩ አስቀድሞ ቅሬታውን መቀበሉን በአደባባይ ይገልጻል፤ መደበኛውን የስልክ ቁጥር ይሰጣል፤ የምሥጢር ቁጥር ፈጽሞ እንደማይጠይቅም ያስታውቃል። ጉዳዩ ሲያልቅ ወደዚያው አስተያየት ተመልሶ፣ የደንበኛውን ምሥጢር ሳይገልጥ፣ መፈታቱን ይጽፋል። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ከተዘለለ የቀደመው ሁሉ ለአንባቢው እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

ዝምታ የሚገባው ጥያቄው በአደባባይ ከተመለሰ በኋላ ለሚቀረው ስድብና ፌዝ ነው። ጊዜው መድረሱ የሚታወቀው አዳዲስ ሰዎች አዲስ ጥያቄ ማንሣታቸውን ሲያቆሙና ጥቂቶች ያንኑ ሲደጋግሙ ነው። አዲስ ማስረጃ ከቀረበ ግን ዝምታው ያበቃል። ዝምታና ስረዛም አንድ አይደሉም። ዛቻና የሰው የግል መረጃ ሊነሡ ይገባል፤ ትችትን መሰረዝ ግን ቅጂው በሌላ ገጽ እንዲወጣና ስረዛው ራሱ ሌላ ክስ እንዲሆን ያደርጋል።

ይህ አካሄድ ወሰን አለው። ክሱ እውነት ሲሆን የምላሽ ጥበብ ብቻውን አያድንም። ኔስሌ በሜይ 2010 ዘ ፎረስት ትረስት ከተባለ ድርጅት ጋር ተስማምቶ፣ ከደን ምንጠራ ጋር የተያያዙ አቅራቢዎችን ለይቶ እንደሚያስወጣ አስታወቀ፤ ግሪንፒስም ውሳኔውን ተቀበለ። ዘመቻውን ያበቃው የግዢ ውሳኔ እንጂ በገጹ ላይ የተጻፈ መልስ አልነበረም። ስለዚህ የአስተያየት ገጽ የሚጠብቅ ሠራተኛ ቃላት ከመምረጡ አስቀድሞ ግዢውን ወይም ሂሳቡን የሚያውቀውን ክፍል መጠየቅ መቻል አለበት። ያን መጠየቅ የማይችል ሠራተኛ የሚቀረው ስለ ዓርማው መከራከር ብቻ ነው።