የጥሪ ማዕከል ሥርዓት ደዋይን የሚያሳስተው ለምንድን ነው?

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ነዋሪዎች አፋን ኦሮሞንና አማርኛን በአንድ ንግግር ውስጥ ሲያፈራርቁ መስማት የተለመደ ነው። ይህ ለስልክ ኦፕሬተር እንግዳ አይደለም። ንግግርን ወደ ጽሑፍ ለውጦ ጥሪን ወደሚመለከተው ክፍል ለሚመራ የኮምፒዩተር ሥርዓት ግን ዋነኛ የስህተት ምንጭ ነው።

ሥርዓቱ ቃላትን እንደ ሰው አይረዳም። የደዋዩን ድምፅ በሰከንድ መቶኛ ልዩነት እየከፋፈለ፣ እያንዳንዱን ክፍልፋይ አስቀድሞ ከተማራቸው ድምፆች ጋር ያነጻጽራል። ቀጥሎም ከሚያውቃቸው ቃላት መካከል ይበልጥ የሚቀርበውን ይመርጣል። የማያውቀውን ቃል ሲሰማም አብዛኛውን ጊዜ ዝም አይልም፤ ተመሳሳይ ድምፅ ያለውን ሌላ ቃል ይጽፋል።

ለምሳሌ አንድ የሰበታ ነዋሪ ስለ መሬት ይዞታው ለመጠየቅ ደውሎ፣ በአማርኛ ዐረፍተ ነገር መካከል «ለፈ» የሚለውን የአፋን ኦሮሞ ቃል ቢጠቀም፣ መሬት ማለቱ ነው። በአማርኛ ብቻ የሠለጠነ ሥርዓት ይህን «ለፋ»፣ ማለትም ደከመ፣ ብሎ ሊጽፈው ይችላል። አፋን ኦሮሞ የሠለጠነውም ቢሆን የአናባቢውን ርዝመት ካልለየ ይሳሳታል፤ አናባቢዎቹ ሲረዝሙ ቃሉ «ላፋ» ሆኖ ለስላሳ ወይም ደካማ የሚል ትርጉም ይይዛልና። የአናባቢው ርዝመት ደግሞ እንደየአካባቢው ቅላጼና እንደ ንግግሩ ፍጥነት ይለያያል።

የችግሩ ሥር ሥርዓቱ የሠለጠነበት ድምፅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ የሆነውና ለአማርኛ ምርምር መሠረት የሆነው የድምፅ ስብስብ 20 ሰዓት ገደማ የሚሆን ንባብ የያዘ ነው። ለሥልጠና ድምፃቸውን የሰጡት 100 ሰዎች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ የአዲስ አበባን ዘዬ የሚናገሩ ነበሩ። ከጽሑፍ የሚነበብ ዐረፍተ ነገር ደግሞ በመንገድ ጫጫታ ውስጥ ከሚደወል ጥሪ በእጅጉ ይለያል።

አማካይ ውጤት ይህን ችግር ሊሸፍነው ይችላል። ከ100 ደዋዮች 90ው አንድ ዓይነት ቅላጼ ኖሯቸው 5ቱ ብቻ በስህተት ቢስተናገዱ፣ ሌላ ቅላጼ ካላቸው 10 ሰዎች ደግሞ 4ቱ ቢሳሳትባቸው፣ አጠቃላይ ስህተቱ 9 በመቶ ይሆናል። ለሁለተኛው ወገን ግን ስህተቱ 40 በመቶ ነው። ስለሆነም ውጤቱ በእያንዳንዱ ዘዬ ተለይቶ ሊለካ፣ ለሥልጠና የሚውለውም ድምፅ ከየአካባቢው ከሚደወሉ እውነተኛ ጥሪዎች በደዋዮች ፈቃድ ሊሰበሰብ ይገባል።

ተገልጋዮች እንዲህ ያለ ሥርዓት ሲያጋጥማቸው የጉዳያቸውን ስም በአንድ ቋንቋ፣ በአጭሩ ቢናገሩ፣ የመዝገብ ቁጥርንም አኃዝ በአኃዝ ቢጠሩ ስህተቱ ይቀንሳል። ሥርዓቱ የተረዳውን መልሶ ሲያሰማ ሳያረጋግጡ መቀጠል አይገባም፤ ሁለት ጊዜ ከተሳሳተ ጥሪው ወደ ሰው እንዲተላለፍ መጠየቅ ተገቢ ነው።