የሚለወጠው ለግጥሙ፣ የማይለወጠው ለአዝማቹ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በየሰንበት ትምህርት ቤቱ የመዝሙር ክፍል አዲስ መዝሙር ሲዘጋጅ ከሁሉ አስቀድሞ ክርክር የሚያስነሣው የዜማው ጉዳይ አይደለም፤ «ይህ ስንኝ አዝማች ይሁን ወይስ ከግጥሙ ይግባ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ብዙውን ጊዜ ክርክሩ የሚፈታው በውበት ነው። አንዱ ስንኝ ጆሮ የሚስብ ከሆነ «ይህ ደጋግሞ ሊሰማ ይገባዋል» ተብሎ አዝማች ይሆናል። እኔ ግን ሚዛኑ ሌላ ነው እላለሁ። ስንኙን ወደ አዝማች ወይም ወደ ግጥም የሚወስደው፣ መዝሙሩ ከአንጓ ወደ አንጓ ሲሻገር ምን ያህል ይለወጣል የሚለው መሆን አለበት።

ምክንያቱን ለመረዳት ሁለቱን ክፍሎች የሚዘምሯቸው እነማን እንደሆኑ ማሰብ ይበቃል። ግጥሙን የሚያወጣው አስዘማሪው ነው፤ ወረቀት አለው፣ አጥንቶታል፣ አስቀድሞ ተለማምዶታል። አዝማቹን የሚቀበለው ግን ምእመኑ ነው። ከእነርሱ መካከል ማንበብ የማይችሉ እናቶች አሉ፤ ገና ፊደል ያልቆጠሩ ሕፃናት አሉ፤ መዝሙሩን በዚያች ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰሙ እንግዶች አሉ። እነዚህ ሰዎች አዝማቹን የሚያጠኑት በመድገም ብቻ ነው። መዝሙሩ ሦስት አንጓ ቢኖረውና አዝማቹ በመጀመሪያና ከእያንዳንዱ አንጓ በኋላ ቢባል አራት ጊዜ ይሰማል፤ በየተራው ሁለት ሁለት ጊዜ ቢባል ደግሞ ስምንት። ስምንቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ሕፃኑ በሦስተኛው ላይ ይይዘዋል። በየተራው ከተለወጠ ግን ሁልጊዜ አዲስ ነው፤ ምእመኑም ከተቀባይነት ወደ አድማጭነት ይወርዳል።

ይህ ሥርዓት ከእኛ አልጀመረም። በእኛ አቆጣጠር መቶ ሠላሳ አምስተኛ የሆነውን የዳዊት መዝሙር ተመልከቱ። ሃያ ስድስት ቁጥሮች አሉት። የእያንዳንዱ ቁጥር የመጀመሪያ እኩሌታ ይለወጣል፤ ከፍጥረት ወደ ግብፅ፣ ከግብፅ ወደ ባሕሩ፣ ከባሕሩ ወደ ምድረ በዳ ይጓዛል። ሁለተኛው እኩሌታ ግን ሃያ ስድስቱንም ጊዜ አንድ ነው፤ ስለ እግዚአብሔር ምሕረት የሚናገረው ነው። ታሪኩ ይሄዳል፣ ምሕረቱ ባለበት ይቆማል። በውዳሴ ማርያምም ምስጋናው በየክፍሉ ይለዋወጣል፤ በየክፍሉ መጨረሻ የሚመለሰው አጭር ልመና ግን አይለወጥም። አስዘማሪው የሚለወጠውን ይሸከማል፣ ሕዝቡ የማይለወጠውን ይይዛል።

አሁን ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። ለጾመ ነነዌ የሚሆን አንድ አጭር መዝሙር እየተዘጋጀ ነው እንበል። ሦስት አንጓ አለው፤ የመጀመሪያው ስለ መርከቡ፣ ሁለተኛው ስለ ዓሣው ሆድ፣ ሦስተኛው ስለ ከተማይቱ ነው። ስንኞቹ በመካከላቸው ዕረፍት ያላቸው፣ ስድስት ስድስት ቀለም የሆኑ የወል ቤት ናቸው። ለአዝማች የቀረቡት ሦስት ስንኞች እነዚህ ናቸው፦

የመርከበኞች ድምፅ ደረሰ ከፊትህ
አትጥልም ጌታ ሆይ የጠራህን ሰምተህ
በባሕርም በየብስም ይደርሳል ምሕረትህ

ሦስቱም ያምራሉ፣ ቤታቸውም ይመታል። ነገር ግን የመጀመሪያው ስንኝ በሁለተኛው አንጓ ላይ እንዳለ ሊቆም አይችልም፤ በዚያ የሚጮኸው ዮናስ እንጂ መርከበኞቹ አይደሉምና። ስለዚህ አዘጋጆቹ «የነቢይህም ድምፅ ደረሰ ከፊትህ» ይሉታል። በሦስተኛው ደግሞ «የከተማይቱ ድምፅ ደረሰ ከፊትህ» ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙዎች «አንድ ቃል ብቻ ነው የተለወጠው፣ ምን ችግር አለው?» ይላሉ።

ሦስቱን ስንኞች አንዱን ከአንዱ በታች አድርጋችሁ ጻፏቸው፤ ቃል በቃል ሥር እንዲውል አድርጉ። ከዚያም በሦስቱም መስመር ያልተመሳሰለውን ክበቡት። ከአራቱ ቃላት የተለወጠው አንድ ነው፤ ነገር ግን የተለወጠው የመጀመሪያው ቃል ነው። ምእመኑ አዝማቹን ሊቀበል አፉን ሲከፍት በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ያው ቃል ነው። ሊጀምርበት የሚገባው ቦታ ባዶ ከሆነ፣ የቀሩት ሦስት ቃላት ሳይለወጡ መቅረታቸው አይረዳውም። በልምምድ ጊዜ ይህን መለየት ቀላል ነው። ከሁለተኛው ተራ በኋላ ወረቀቱን ሰብስቡና አዳምጡ። ግማሹ «የመርከበኞች» ሲል ግማሹ «የነቢይህም» ይላል፤ ድምፁ ደብዝዞ ይጀምርና «ደረሰ» ላይ ሲደርስ ይጠራል። ድምፅ የሚደበዝዝበት ቃል የአዝማች ቃል አይደለም።

ታዲያ ይህ ስንኝ ይጣል? አይጣልም። ቦታው የግጥሙ መጨረሻ ነው። የመጀመሪያው አንጓ እንዲህ ይሆናል፦

ወደ ተርሴስ ሊሄድ ከመርከብ ገባና
ነፋስ ተነሣበት ባሕሩም ታወከና
የመርከበኞች ድምፅ ደረሰ ከፊትህ

ከዚህ በኋላ ሕዝቡ «አትጥልም ጌታ ሆይ» ብሎ ይቀበላል። እንዲህ ሲሆን ምን እንደተገኘ ልብ በሉ። የሚለወጠው ቃል በስንኙ መጀመሪያ ስለሆነ በአስዘማሪው አፍ ውስጥ ቀረ። የማይለወጠው «ደረሰ ከፊትህ» በስንኙ መጨረሻ ስለሆነ ለሕዝቡ ምልክት ሆነ፤ ምእመኑ ይህን ሲሰማ ተራው እንደደረሰ ያውቃል። ቤቱም «ከፊትህ፣ ሰምተህ፣ ምሕረትህ» እያለ ግጥሙን ከአዝማቹ ጋር ያስተሳስረዋል። ሁለተኛውን አንጓ የሚያውቅ አስዘማሪ ብቻ ቢሆንም፣ ወደ አዝማቹ የሚያደርሰውን በር ግን ሁሉም ያውቀዋል። በከፊል የሚለወጥ ስንኝ ሲገጥማችሁ እንግዲህ የሚለወጠውን ወደ ፊት፣ የማይለወጠውን ወደ ኋላ አድርጋችሁ ከአንጓው መጨረሻ አኑሩት።

በአማርኛ ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለውጡ በግስ ጫፍ ላይ ስለሚደበቅ ነው። በዚሁ መዝሙር «ጌታ ሆይ ሰማኸው» የሚል አዝማች ቀርቦ ቢሆን ኖሮ ለዮናስ ይስማማ ነበር። ለመርከበኞቹ ግን «ሰማሃቸው»፣ ለከተማይቱ «ሰማሃት» ሊባል ግድ ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ያው አንድ ግስ ይመስላል፤ ሲዘመር ግን ቤት የሚመታበት የመጨረሻው ቀለም ተለወጠ፣ «ሰማሃቸው» ሲሆንም አንድ ቀለም ተጨመረና ዜማው ተጨናነቀ። ስለዚህ የአዝማችን ስንኝ ስትመረምሩ ቃሉን ብቻ ሳይሆን እርሱ፣ እርሷ፣ እነርሱ የሚለውን የሚያመለክተውን ጫፍም እዩ። መፍትሔው ለሁሉም የሚሆን አነጋገር መፈለግ ነው፤ «የጠራህን» ሲባል መርከበኛውም፣ ነቢዩም፣ ከተማይቱም በአንድ ቃል ይገባሉ።

በሌላ በኩል ቃሉ ሳይለወጥ እውነቱ የሚለወጥበት ስንኝ አለ። በሦስተኛው አንጓ «ንጉሥ ከዙፋኑ ወርዶ ማቅ ለበሰ» የሚል ስንኝ አለ እንበል። ውብ ነው፤ አዝማች እናድርገው የሚል አይጠፋም። ቃሉ በየተራው አይለወጥም፣ ሁሉም ሊይዘው ይችላል። ነገር ግን ከመጀመሪያው አንጓ በኋላ አስቀምጡትና ስሙት፤ ባሕሩ እየታወከ፣ ዮናስ ገና ሳይጣል፣ ንጉሡ ማቅ ለብሷል። ታሪኩ ሳይደርስ ተነገረ። ይህ ስንኝ አንድ ጊዜ ብቻ እውነት የሚሆን ስለሆነ የግጥሙ ነው። አዝማች ከእያንዳንዱ አንጓ በኋላ ሲቀመጥ ሁልጊዜ እውነት ሆኖ መገኘት አለበት።

የዚህ ተቃራኒም ያጋጥማል። በሦስቱም አንጓዎች ውስጥ አንድም ፊደል ሳይለወጥ የሚመለስ ስንኝ ካገኛችሁ፣ እርሱ በግጥም ውስጥ የተደበቀ አዝማች ነው። አስዘማሪው ብቻውን ሦስት ጊዜ ከሚለው አውጥታችሁ ለሕዝቡ ስጡት፤ በአንጓው ውስጥ የተለቀቀውን ቦታም ታሪኩ ይሙላው።

«አዝማች ከቶ አይለወጥምን?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ለውጡ ራሱ መልእክት ሲሆን ይፈቀዳል እላለሁ፤ ያውም አንድ ጊዜ፣ በመጨረሻ። በምሳሌያችን ስለ ራሳችን የሚናገር አራተኛ አንጓ ቢጨመር መዝጊያው «የእኛም የሕዝብህ ድምፅ ዛሬም ይድረስ ፊትህ» ሊሆን ይችላል። ሦስት ጊዜ «ደረሰ» ሲል የቆየው ትረካ በአራተኛው «ይድረስ» ብሎ ጸሎት ሆነ። ይህ ለውጥ የሚሰማው ከዚያ በፊት ስላልተለወጠ ነው። አሁንም የተለወጠው በአስዘማሪው ስንኝ ውስጥ ነው፤ የመጨረሻው ቃል «ፊትህ» ስለቀረ ሕዝቡ ምልክቱን አላጣም፣ የሚቀበለውም አዝማች ያው ነው።

የውበትን ሚዛን የሚመርጡ ወንድሞችና እህቶች የሚሉት አይጠፋኝም። «እጅግ ያማረው ስንኝ አንድ ጊዜ ብቻ ተሰምቶ ይለፍን?» ይላሉ። አዎን፣ ይለፍ። የንጉሡ ከዙፋን መውረድ ልብ የሚነካው ሁለት አንጓ ሙሉ ሳይነገር ቆይቶ በጊዜው ስለመጣ ነው፤ ስምንት ጊዜ ቢባል ኃይሉን ያጣል። አዝማቹ ደግሞ ያን ያህል ማማር አይጠበቅበትም፤ በሕፃኑም በአሮጊቷም አፍ ሳይሰናከል መቆየት ይበቃዋል። በነነዌ የጮኸው ንጉሡ ብቻ አልነበረም፤ ከታላቁ እስከ ታናሹ ሁሉም ጮኸ። ስለዚያች ከተማ የምንዘምረው መዝሙር ታናሹን ዝም የሚያሰኝ ከሆነ፣ የሚናገረውን ታሪክ ራሱ ያፈርሰዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።