የኃላፊን ስሕተት በሰው ፊት ሳያሳጡ ማረም

ቀደም ባለው ጊዜ የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ በሰሌዳ ላይ ይለጠፍ ነበር። ስሕተት ቢገኝበት ጸሐፊዋ ወረቀቱን ነቅላ በታረመው ትተካዋለች፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ዛሬ ግን በብዙ መሥሪያ ቤትና ፋብሪካ ማስታወቂያው የሚተላለፈው በቴሌግራም ቡድን ውስጥ ነው። ኃላፊው ቢሳሳቱ አርባና ሃምሳ ሰው በአንድ ጊዜ ያነበዋል። «ተሳስተዋል» ብሎ የሚመልስ ቢነሣም፣ ያንኑ አርባና ሃምሳ ሰው ያነበዋል። አበው «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ሲሉ እንደ ኖሩ፣ ሰው በሰው ፊት የተናገረው ቃል ሲፈርስበት በቀላሉ አይቀበለውም። እንዲያውም ስሕተቱን ይዞ ሊከራከርበት ይችላል።

ይሁን እንጂ ዝም ማለትም መፍትሔ የማይሆንበት ጊዜ አለ። በዛሬው ጽሑፋችን ብዙ እህቶቻችንን የሚነካ አንድ ጉዳይ በምሳሌነት ወስደን፣ አንዲት ሠራተኛ የኃላፊዋን ስሕተት እንዴት እንደምታርም ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን።

አንድ የግል ልብስ ስፌት ፋብሪካ እናስብ። የአስተዳደር ኃላፊው በሠራተኞች ቡድን ውስጥ እንዲህ ሲሉ ጻፉ እንበል፦ «የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን መሆኑን አውቃችሁ ፕሮግራማችሁን በዚሁ መሠረት አዘጋጁ።» በቡድኑ ውስጥ ከአንድ ወር ተኩል በኋላ የምትወልድ ባልደረባ አለች። እርስዎ ደግሞ ቁጥሩ ልክ አለመሆኑን ያውቃሉ። ምን ያደርጋሉ?

ከሁሉ አስቀድሞ አዋጁን ራሱን አውጥተው ያንብቡ። በትዝታ ብቻ ኃላፊን ለማረም መነሣት አይገባም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 88 ላይ ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30 የሥራ ቀን፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 የሥራ ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ከዚያ በፊት የነበረው የ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 377 ግን ከወሊድ በፊት 30 ተከታታይ ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 60 ተከታታይ ቀን ይል ነበር። እንግዲህ ኃላፊው ቁጥሩን ከራሳቸው አልፈጠሩትም፤ የተሻረውን አዋጅ ነው የጠቀሱት። ይህ ቁጥር ለዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ልክ ሆኖ ሲሠራበት ኖሯል።

ይህን ማወቅ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ የስሕተቱን ምክንያት ካወቁት ለሰውየው የሚያስከብር መውጫ ያገኙላቸዋል። «አዋጁ ተለውጧል» ማለትና «አያውቁም» ማለት የተለያዩ ናቸውና። ሁለተኛ፣ ራስዎ እንዳይሳሳቱ ይጠብቅዎታል። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ አዋጅ ነው፤ በመሥሪያ ቤቱ የኅብረት ስምምነት ካለም ከአዋጁ የተሻለ ቀን ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ የእርስዎ መሥሪያ ቤት በየትኛው ሕግ እንደሚሠራ ሳያረጋግጡ እጅዎን ወደ ስልክዎ አይስደዱ።

ቀጥሎ የሚታየው የስሕተቱ ክብደት ነው። ኃላፊው የስብሰባውን ቀን «ማክሰኞ 12» ብለው ጽፈው ማክሰኞ 13 ቢሆን፣ አብዛኛው ሰው ራሱ ይረዳዋል፤ ቢዘገይም ብዙ ጉዳት የለውም። የወሊድ ፈቃዱ ግን እንዲህ አይደለም። በሳምንት ስድስት ቀን በሚሠራበት ፋብሪካ 90 የሥራ ቀን ማለት፣ የበዓላትን ቀን ሳንጨምር፣ 15 ሳምንት ነው። 60 ተከታታይ ቀን ግን ስምንት ሳምንት ከአራት ቀን ብቻ ነው። ልዩነቱ ከስድስት ሳምንት በላይ ይሆናል። እናቲቱ የሁለት ወር ጨቅላዋን ለሰው ትታ ወደ ማሽኗ ትመለሳለች፣ ወይስ ሦስት ወር ተኩል እስኪሞላው በቤቷ ሆና ታጠባዋለች? ጥያቄው ይህ ነው። ሞግዚት የምትቀጥርበትን፣ እናቷን ከገጠር የምታስመጣበትን ቀን የምትቆርጠው በዚያ መልእክት ነውና ስሕተቱ መታረም ይኖርበታል።

የሚታረመው ግን በቡድኑ ውስጥ ሳይሆን በውስጥ መስመር፣ ለኃላፊው ብቻ በሚላክ መልእክት ነው። ጽሕፈት ቤታቸው ቅርብ ከሆነም በአካል ሄዶ መንገር ይበልጣል። በጽሑፍ ከሆነ እንዲህ ሊባል ይችላል፦

«ጤና ይስጥልኝ አቶ እገሌ። ዛሬ ጧት ስለ ወሊድ ፈቃድ የተላለፈውን መልእክት አየሁት። 30 እና 60 ቀን የሚለው በ1996ቱ አዋጅ የነበረው ይመስለኛል። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 በአንቀጽ 88 ላይ 30 እና 90 የሥራ ቀን ብሎታል። ገጹን ፎቶ አንሥቼ ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። በቅርቡ የምትወልድ ባልደረባ ስላለችን እንዳትሳሳት ብዬ ነው። ቢያዩት ደስ ይለኛል።»

እዚህ ላይ ቃላቱን ልብ ይበሉ። «የተላለፈው መልእክት» ተባለ እንጂ «እርስዎ የጻፉት» አልተባለም። አማርኛችን አድራጊውን ሳይጠሩ ድርጊቱን ብቻ ለመናገር ይመቻልና በዚህ ይጠቀሙበት። «ይመስለኛል» የሚለው የገባው በአሮጌው አዋጅ ላይ ነው። አዲሱ አዋጅ የሚለው ግን ያለ ጥርጥር፣ ከነአንቀጹ ተጽፏል። ጨዋነት ፍሬ ነገሩን ማድበስበስ አይደለም። «ምናልባት ትንሽ የሚለይ ነገር ሳይኖር አይቀርም» ብለው ቢልኩላቸው ኃላፊው ምን እንደሚታረም አይገባቸውም። በመጨረሻም ምክንያቱ የባልደረባዋ ጉዳይ እንጂ የእርስዎ ዐዋቂነት አለመሆኑ ግልጽ ተደርጓል። በሥራ መካከል «አንተ» የሚሏቸው ኃላፊ ቢሆኑ እንኳ እንዲህ ባለ መልእክት «እርስዎ» ማለት አይጎዳም።

ኃላፊው ስሕተቱን ከተቀበሉ በኋላ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። በቴሌግራም የላኩትን ጽሑፍ በ48 ሰዓት ውስጥ ከፍተው ማረም ይችላሉ። ነገር ግን የታረመው ጽሑፍ አዲስ መልእክት እንደ መጣ አድርጎ ስልክ አያስጮኽም። ጧት ያነበበው ሰው ማታ መታረሙን አያውቅም። ወደ ሌላ ቡድን ወይም ለጓደኛ የተላለፈው ቅጂም እንደ ነበረ ይቀራል። ስለዚህ አሮጌውን ከማረም ጋር አዲስ አጭር መልእክት ያስፈልጋል። ኃላፊው ሥራ ቢበዛባቸው ረቂቁን አዘጋጅተው ቢሰጧቸው ትልቅ እገዛ ነው፦ «ጧት ስለ ወሊድ ፈቃድ የተላለፈው ቁጥር በአዋጅ 1156/2011 መሠረት ተስተካክሏል፤ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ነው።» ይህ በራሳቸው ስም ሲወጣ ያረሙት እርሳቸው ይሆናሉ። እርስዎም ከሥር «እናመሰግናለን» ብለው ይለፉ። «እኔ ነኝ የነገርኳቸው» የሚል ወሬ በሻይ ሰዓት ከተሰማ ግን፣ በውስጥ መስመር የተጠበቀው ክብር በአደባባይ ፈረሰ ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ለስላሳ ሆኖ የማይሄድባቸው ጊዜያትም አሉ። ሌላ ሰው ቀድሞ በቡድኑ ውስጥ «ይህ እኮ ስሕተት ነው!» ብሎ ጽፎ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ከሥሩ የሳቅ ምልክት ወይም የአውራ ጣት ምልክት መጨመር በኃላፊው ላይ ሁለተኛ ድንጋይ መወርወር ነው፤ ማን እንዳስቀመጠውም ይታያል። ይልቁንስ «አዋጁ በ2011 ስለ ተለወጠ ሁለቱም ቁጥሮች ይነገራሉ፤ አሁን የሚሠራበት አዲሱ ነው» ብለው አንድ ዐረፍተ ነገር ቢጽፉ፣ ጠቡን ወደ አዋጁ ለውጥ ስለሚመልሱት ሁለቱም ወገን ይተነፍሳል።

ኃላፊው መልስ ሳይሰጡ ቢቀሩስ? መልእክቱን አላዩት ወይም አዋጁን እያስመረመሩ ይሆናልና እስከ ማግስቱ የሥራ ቀን መጨረሻ ይጠብቁ። ከዚያም አንድ ጊዜ ብቻ በስልክ ወይም በአካል ያስታውሷቸው። እስከዚያው ግን ነፍሰ ጡሯ ባልደረባ በጨለማ መቆየት የለባትም። ለብቻዋ ጠርተው «ገና እየተጣራ ነው፤ ፈቃድሽን በ60 ቀን አትቁረጪ» ይበሏት።

ስሕተቱ በዚያው ሰዓት የሚሠራበት ከሆነ፣ ለምሳሌ ሠራተኞች የፈቃድ ቅጹን በተሳሳተው ቁጥር እየሞሉ ከሆነ፣ በቡድኑ ውስጥ መናገር ግድ ይሆናል። በዚያን ጊዜም የአዋጁን ገጽ አስቀምጦ «በአንቀጽ 88 ላይ 90 የሥራ ቀን የሚል አገኘሁ፤ ቅጹን ከመሙላታችን በፊት አቶ እገሌ ቢያረጋግጡልን» ማለት ይበቃል። የመጨረሻውን ቃል ለኃላፊው መተው ነው ዋናው። መልሱን እያወቁ «እስቲ ስንት ቀን ነው?» ብሎ እንደማያውቅ መጠየቅ ግን አይጠቅምም። ወጥመድ መሆኑን ሁሉም ይረዳዋል፤ ከግልጽ ቃል ይልቅም ይቆጠቁጣል።

በመጨረሻም ኃላፊው አዋጁን አይተው «በእኛ ቤት 60 ቀን ነው» ካሉ፣ ነገሩ ከስሕተትነት ወጥቶ መብት ወደ መከልከል ይገባል። ለዚህ የጨዋ መልእክት መፍትሔ አይሆንም። ጉዳዩ ወደ ሰው ኃይል አስተዳደር፣ ወደ ሠራተኛ ማኅበሩ፣ ካልሆነም ወደ ሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ይሄዳል። አስቀድመው በውስጥ መስመር የላኩት መልእክትም ከነቀኑ በስልክዎ ውስጥ ስላለ፣ ጉዳዩን በጊዜውና በአክብሮት ማስታወቅዎን ያስረዳልዎታል።